ለ12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ስንት ሚሊ? የሳይን ባር ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

ከፕላስቲክ ክፍል አንድ ሞልድ መጥቶልናል። በጎን የሚንቀሳቀስ ስላይድ አለው። ሞልዱ ሲዘጋ ከስላይዱ ጀርባ የሚገባ ሽብልቅ አለ፤ ሥራው ስላይዱን ገፍቶ መቆለፍ ነው። የዚህ ሽብልቅ ተዳፋት ፊት ተበልቷል። የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት ሲገባ ስላይዱ በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል። በመጋጠሚያው ላይ ትርፍ ፕላስቲክ የሚወጣውም ለዚህ ነው።

አዲሱ ሽብልቅ በፍሬዛ ተቆርጦ፣ ሙቀት ተሰጥቶት ጠንክሮ ተመልሷል። ጀርባው 60 ሚሊ ርዝመት፣ ወርዱ 40 ሚሊ ነው። ተዳፋት ፊቱ ላይ ለግራይንደር 0.3 ሚሊ ያህል ተትቷል። የቀረው ይህን ፊት በትክክለኛው አንግል ግራይንድ ማድረግ ነው።

ሥዕሉ አንግሉን ከታችኛው ፊት ተነስቶ 77 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ይለዋል፣ ሲደመር ሲቀነስ 1 ደቂቃ። እኔ ግን ሽብልቁን የማስተኛው በጀርባው ነው። ጀርባው ከታችኛው ፊት ጋር 90 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከጀርባው ሲለካ አንግሉ 12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ምርጫ የማደርገው ለምቾት ብቻ አይደለም። አንግሉን የማወጣበት ሳይን ባር ትልቅ አንግል ላይ ይደክማል። በ100 ሚሊ ባር በ12.5 ዲግሪ ላይ ከባሩ አንድ ጫፍ ሥር የሚገባው የብሎኮች ቁልል 1 ማይክሮን ቢሳሳት አንግሉ የሚሳሳተው 2 ሰከንድ ገደማ ነው። በ77.5 ዲግሪ ያው 1 ማይክሮን ወደ 9.5 ሰከንድ ያድጋል። ባሩ ቀጥ ብሎ ሊቆም ሲቃረብ ቁመቱ ትንሽ ሲጨምር አንግሉ ብዙ ስለሚዞር ነው። ስለዚህ አንግሉ ከ45 ዲግሪ ካለፈ ሁልጊዜ ሌላኛውን ፊት መነሻ ማድረግ ይቻል እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ሰኞ ረፋድ፣ ሒሳቡ

ሳይን ባር ማለት ሁለት እኩል ሲሊንደር የተገጠመለት ቀጥ ያለ ብረት ነው። የእኛው በሲሊንደሮቹ መካከል 100 ሚሊ ነው። አንዱ ሲሊንደር ደልዳላው የግራናይት ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ጌጅ ብሎክ በሚባሉ፣ ልካቸው በትክክል በታወቀ የብረት ቁራጮች ላይ ይወጣል። ባሩ የሦስት ማዕዘኑ ረጅም ጎን ስለሆነ የሚፈለገው ቁመት ይህ ነው፦

```
H = L × sin θ
H = 100 × sin 12.5° = 21.644
```

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ካልኩሌተሩ ላይ 12.30 ብሎ ጻፈና 21.303 አወጣ። 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ መጻፍ ያለበት 12.5 ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቁልሉ በ0.341 ሚሊ ያጥራል፤ አንግሉ በ12 ደቂቃ ይሳሳታል። በ50 ሚሊ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 0.175 ሚሊ ይሆናል። የተፈቀደልን 1 ደቂቃ በዚሁ ርዝመት 0.0145 ሚሊ ብቻ ነው። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ እንጂ ራዲያን ላይ አለመሆኑንም የምናረጋግጠው ሳይን 30ን በመጠየቅ ነው። 0.5 ካላለ ሌላ ነገር አንነካም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ቁልሉ

ሳጥናችን ባለ 87 ብሎኩ ነው። ብሎክ ሲመረጥ ከመጨረሻው አሃዝ ይጀመራል። 21.644 ውስጥ መጨረሻዋ 4 ስለሆነች 1.004 ትወጣለች። 20.640 ይቀራል። ከዚያ 1.14 ሲወጣ 19.5 ይቀራል። እሱን 9.5 እና 10 ይጨርሱታል። አራት ብሎክ ብቻ ሆነ፤ መገጣጠሚያው ባነሰ ቁጥር ስህተት የሚገባበት ቦታም ያንሳል። ስዊድናዊው ካርል ኤድቫርድ ዮሐንሰን በ1896 ያሰበው ይህንን ነበር። ለእያንዳንዱ ልክ አንድ መለኪያ ከመሥራት ይልቅ፣ ጥቂት ብሎኮች እየተደራረቡ ብዙ ሺህ ልኮችን እንዲሰጡ አደረገ። የመጀመሪያው ስብስቡ 102 ብሎክ ነበር።

ብሎኮቹን በአልኮል ጠረግናቸው። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ መስቀለኛ አስቀምጦ፣ ትንሽ ተጭኖ እያንሸራተቱ ማዞር ነው። ንጹህ ከሆኑ በድንገት ይያያዛሉ፤ ላይኛው ሲነሳ ታችኛውም አብሮ ይነሳል። ካልያዙ መጫን አያስፈልግም፤ መሀል ላይ አቧራ ወይም የተቀጠቀጠ ጠርዝ አለ ማለት ነው። በግድ ከተፈተጉ ፊታቸው ይጫራል፤ የተጫረ ብሎክ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር አይያያዝም።

ቁልሉን ለማመን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱንም ሳልጠቀም ሌላ ቁልል እሠራለሁ፦ 1.003፣ 1.001፣ 1.30፣ 1.34፣ 8 እና 9። ድምሩ ያው 21.644 ነው። ሁለቱን ግራናይት ላይ ጎን ለጎን አቁሜ ጥቃቅን የከፍታ ልዩነትን በመርፌ በሚያሳየው በዳያል ሳያቸው ልዩነታቸው ከ1 ማይክሮን በታች ሆነ። አንዱን ብሎክ አሳስተን አንስተን ቢሆን ኖሮ እዚህ ይጋለጥ ነበር።

ስለ ሙቀት ልጁ ጠየቀኝ። መለኪያዎቹ የሚታመኑት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የእኛ ሱቅ ግን ከሰዓት ላይ ከዚያ ያልፋል። ለዚህ ሥራ ግን ብዙ አያስጨንቅም። ባሩም ብሎኩም ብረት ናቸው። ሁለቱም እኩል ከሞቁ እኩል ይረዝማሉ፤ ሳይን ደግሞ የሁለቱ ጥምርታ ስለሆነ አንግሉ አይነካም። የሚያስቸግረው አንዱ ብቻ ሲሞቅ ነው። ቁልሉን በእጅ ጨብጦ 5 ዲግሪ ብናሞቀው ከ1 ማይክሮን በላይ ያድጋል፤ ይህም ወደ 2.6 ሰከንድ ነው። ለ1 ደቂቃ ፍቃድ ይህ ብዙ አይደለም። ሆኖም ቁልሉን ሠርተን ከባሩ አጠገብ አሳረፍነውና ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ማዘጋጀት

ቁልሉን ሰኞ ማታ በታትነን ዘይት ቀብተን አሳድረነው ነበር። ተያይዘው ካደሩ ለመላቀቅ ያስቸግራሉና። ዛሬ በነዚያው አራት ብሎኮች እንደገና ሠራነው።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሳይን ባር መለኪያ እንጂ መያዣ አይደለም። ሥራውን ባሩ ላይ አስሮ ግራይንድ ማድረግ የግራይንደሩን ድንጋይ ጫና ብሎኮቹና ሲሊንደሮቹ ላይ መጣል ነው። ከዚህም ሌላ የግራይንደሩ ማግኔት ብሎኮቹን መግነጢስ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኋላ ደቃቅ የብረት ብናኝ እየሳቡ ንጹህ መሆን ያቅታቸዋል። ስለዚህ አንግሉን ግራናይት ላይ እናወጣለን፣ ሽብልቁን አንግል ፕሌት በሚባለው በ90 ዲግሪ የቆመ ፊት ባለው ብረት ላይ በክላምፕ እናስራለን፣ ባሩንና ብሎኮቹን አውጥተን አንግል ፕሌቱን ብቻ ወደ ግራይንደሩ እንወስዳለን።

በመጀመሪያ ባሩን ያለ ብሎክ ግራናይቱ ላይ አስቀምጠን ላዩን በዳያል ተከተልነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መርፌው አልተንቀሳቀሰም ለማለት ይቻላል። ሲሊንደሮቹ እኩል ናቸው ማለት ነው። ቀጥሎ የሽብልቁን ጎን ከጀርባው ጋር በስኳድራ አየን። ሙቀት ከተሰጠው በኋላ ትንሽ ተጣሞ ስለነበር ጀርባውንና አንዱን ጎን ቀድመን አስተካከልን። ይህ ጎን አንግል ፕሌቱ ላይ የሚደገፈው ነው።

ባሩ አንግል ፕሌቱን ተከትሎ ይተኛል። በመካከላቸው አንድ ፓራለል፣ ማለትም ሁለት ፊቱ ትይዩ የሆነ ብረት፣ እናስገባለን፤ ባሩ ከፕሌቱ ጋር ትይዩ እንዲሆን። ከዚያ አንዱ ሲሊንደር ከፍ ብሎ ቁልሉ ከሥሩ ይገባል።

ሽብልቁ ከመጫኑ በፊት የባሩን ላይ በወርዱ፣ ማለትም ከፕሌቱ ወደ ውጭ፣ በዳያል አየሁት። የዳያሉን መቆሚያ በስኳድራ ጎን ነው የምገፋው፤ ካልሆነ እጄ ትንሽ ሲሰግር ዳገቱን ራሱን ነው የማነበው። በ25 ሚሊ ወርድ ላይ 0.007 ሚሊ ልዩነት ታየ። ባሩ ተዘቅዝቋል ማለት ነው።

ልጁ ቁልሉ ተሳስቷል ብሎ ጠረጠረ። ቁልሉ ቢሳሳት ግን የሚሳሳተው ዳገቱ በርዝመቱ ነው፤ በወርዱ አይታይም። በወርዱ የሚታየው ባሩ ከፕሌቱ ጋር ትይዩ ሳይሆን ሲቀር ነው። ይህ የሳይን ባር ሥራ ውስጥ በጣም የማይታመን ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ባሩ ዳገት ነው። ዳገቱ ላይ በቀጥታ ብትወጡ ሙሉውን ቁልቁለት ታገኛላችሁ፤ ትንሽ ሰያፍ ሆናችሁ ብትወጡ በአንድ በኩል እግራችሁ ከሌላው ዝቅ ይላል። ባሩ ከፕሌቱ በጥቂት ሲጣመም በርዝመቱ ያለው አንግል ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል። በወርዱ ግን ወዲያው ይዘቀዘቃል። ባሩ ከሲሊንደር እስከ ሲሊንደር 0.17 ሚሊ ብቻ ቢጠም የመጣመሙ አንግል 0.1 ዲግሪ ነው። ይህ በ12.5 ዲግሪ ዳገት ላይ በ40 ሚሊ ወርድ 0.015 ሚሊ መዘቅዘቅ ይሰጣል። ከተፈቀደልን 1 ደቂቃም ይበልጣል! በዓይን የማይታይ ነገር ሥራውን ይጥለዋል። አንግሉ በጣም ትክክል ሆኖ ሽብልቁ ግን ስላይዱን በአንድ ጠርዝ ብቻ ይነካዋል።

0.007 በ25 ሚሊ ወርድ ላይ ማለት ባሩ በ100 ሚሊ ርዝመቱ 0.13 ሚሊ ገደማ ጠሟል ማለት ነው። ፓራለሉን አውጥተን በጥፍር ስንዳስሰው አንዱ ጠርዝ ላይ ተጋጭቶ ያበጠ ቦታ አገኘን። በዘይት ድንጋይ ዝቅ አደረግነው። መልሰን ስንለካ በወርዱ ያለው ልዩነት ከ1 ማይክሮን በታች ወረደ።

አሁን ሽብልቁ በጀርባው ባሩ ላይ ተኛ፣ ቀጭኑ ጫፍ ቁልሉ ባለበት በኩል፣ ወደ ላይ። ባሩ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲወጣ ተዳፋት ፊቱ ደግሞ በዚያው ልክ ስለሚወርድ ላይኛው ፊት ደልደል ይላል። ጎኑን ፕሌቱ ላይ አስጠግተን በሁለት ክላምፕ አሰርነው። ክላምፖቹ ድንጋዩ ከሚያልፍበት በታች መሆን አለባቸው።

ክላምፕ ሲጠብቅ ሥራውን ትንሽ ሊያነሳው ይችላል። ይህን ለማወቅ ከማሰራችን በፊት ከአንድ ስስ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቆርጠን በባሩና በሽብልቁ መካከል፣ በሁለቱ ጫፍ፣ አስገብተን ነበር። ወረቀቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሆነ አንግሉን አይለውጠውም። ክላምፑ ከጠበቀ በኋላ ሁለቱንም ስንጎትት እኩል ያዙ። አንዱ ልቅ ቢሆን ኖሮ ክላምፑን ፈተን ከእንደገና እናስር ነበር። ከዚያ ባሩንና ቁልሉን በጥንቃቄ አንሸራተን አወጣን።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ግራይንደሩ ላይ

የማግኔቱን ፊትና የአንግል ፕሌቱን ታች በእጅ መዳፍ ጠርጎ ማየት የግድ ነው። ጨርቅ የሚያልፈውን ጠጠር መዳፍ ያገኘዋል። ከፕሌቱ ጀርባ መደገፊያ ብረት አስቀመጥን።

ሥራው ባዶ አየር ላይ ስለተንጠለጠለ ትልቅ ቁርጥ አይችልም። በአንድ ጊዜ 0.01 ሚሊ እያልን ወረድን፤ የማቀዝቀዣ ውሃው ሳይቋረጥ። መጨረሻ ላይ 0.003 እያደረግን ብልጭታው እስኪጠፋ ድንጋዩን ሳናወርድ ደጋገምነው። የሚገጣጠምበት ትርፍ ትተን አቆምን።

ሽብልቁን ፈተን፣ መግነጢሱን አስለቅቀን፣ ጠርዙን በድንጋይ ነክተን፣ ግራናይት ላይ መልሰን በዚያው ቁልል ባሩ ላይ አስተኛነው። ዳያሉ በ45 ሚሊ ርዝመት 0.003 ልዩነት ሰጠ። ወደ 14 ሰከንድ ነው፤ ከ1 ደቂቃ ብዙ ይርቃል። በወርዱ ከ0.002 በታች።

ልዩነቱ ፍቃዱን ቢያልፍ ቁልሉን ማስተካከል ይቻል ነበር። ዳያሉ ያነበበውን ለተጓዘበት ርዝመት አካፍሎ በ100 እና በኮሳይን 12.5 ማባዛት ነው። ለኛ 0.003 ሲካፈል ለ45፣ ሲባዛ በ97.6፣ ወደ 0.0065 ሚሊ ይመጣል። ቀጭኑ ጫፍ ከፍ ብሎ ከታየ አንግሉ አንሷልና ቁልሉ ይጨምራል፤ ዝቅ ብሎ ከታየ ይቀንሳል። ማለቴ ግን መጀመሪያ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። በቆሻሻ የመጣን ስህተት ቁልል በመቀየር ማረም ሌላ ስህተት መጨመር ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ፣ ስላይዱ

የስላይዱ ጀርባም ተፋፍቋል። እሱንም ትንሽ ማንሳት ያስፈልጋል። የስላይዱ መነሻ ፊት ታችኛው ስለሆነ በቀጥታ ባሩ ላይ አይተኛም። ባሩ ላይ ትክክለኛ 90 ዲግሪ ብሎክ አቁመን የስላይዱን ታች እሱ ላይ አስደገፍን። ቁልሉን ግን አልነካነውም።

እዚህ ላይ ነው የቁልሉ ጥቅም ከሁሉም በላይ የሚገባኝ። ሽብልቁ ስላይዱን በሙሉ ፊቱ እንዲገፋ የሚያስፈልገው ሁለቱ እርስ በርስ እኩል አንግል መያዛቸው ነው። በአንድ ቁልልና በአንድ ባር ከተሠሩ ቁልሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ስህተት፣ ምንም ይሁን ምን፣ ለሁለቱም እኩል ይደርሳል፤ ሲገጣጠሙ ይጠፋል። በሌላ ቀን በሌላ ቁልል ብንሠራ ኖሮ ሁለቱም ፍቃዱ ውስጥ ሆነው እንኳ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሊያዘነብሉ ይችሉ ነበር። የስላይዱ 90 ዲግሪ ብሎክ ስህተት ብቻ ነው የማይጠፋው። ስለዚህ እሱን አስቀድመን ለብቻው አረጋገጥነው።

ረቡዕ፣ መግጠም

ሽብልቁን ቦታው ላይ አስረን ሞልዱን በእጅ ዘጋነው። እንደተጠበቀው ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል በክፍተት መለኪያው በፊለር ጌጅ 0.20 ሚሊ ክፍተት ተለካ። ሽብልቁ ገና ወፍራም ነው።

ምን ያህል ይነሳ? ሞልዱ የሚዘጋው ወደ ታች ነው፤ ግራይንደሩ ግን የሚያነሳው ከተዳፋቱ ፊት ቀጥ ብሎ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ በሳይን 12.5 ይባዛል፦ 0.20 ሲባዛ በ0.2164፣ 0.043 ሚሊ። ያው ሳይን እዚህም መጣ። ብዙ ሰው 0.20ውን በቀጥታ አንስቶ ሽብልቁን ሲያላላው አይቻለሁ። ያ ሲሆን አዲስ ብረት ከመቁረጥ ሌላ መፍትሔ የለውም፤ ወይም ከጀርባው ሺም የሚባል ስስ ብረት ማስገባት ነው።

እኔ 0.043ውን በሙሉ አላነሳሁም። ሞልዱ በማሽኑ ኃይል ሲጨመቅ ሽብልቁ ስላይዱን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ስለዚህ 0.035 ብቻ ይነሳል ብለን ወሰንን። በዚያው 21.644 ቁልል እንደገና አዘጋጅተን፣ ባሩን በወርዱ ለክተን፣ ወረቀቶቹን አስገብተን አሰርን። ግራይንደሩ ላይ ዳያሉ ፊቱ ደልዳላ መሆኑን ካሳየን በኋላ 0.035 አነሳን።

ሞልዱ እንደገና ሲዘጋ 0.04 ፊለር በጭንቅ ገባ። የቀረው 0.008 ለ0.2164 ሲካፈል 0.037 ስለሚሆን ከሒሳቡ ጋር ገጠመ። የስላይዱን ጀርባ ሰማያዊ ቀለም ቀብተን በማሽኑ ላይ ዘግተን ከፈትነው። ቀለሙ ሽብልቁ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ታተመ። ባሩ ጠሞ ቢሆን ኖሮ ቀለሙ በአንድ ጎን ብቻ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታይ ነበር፤ አንግሉ ቢሳሳት ደግሞ ከላይ ወይም ከታች ብቻ።

የሙከራ ምርቱ መጋጠሚያው ላይ ትርፍ የለውም። ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ይህን ጽፈናል፦ ባር 100፤ አንግል ከጀርባ 12 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ፤ ቁልል 1.004፣ 1.14፣ 9.5፣ 10፤ ሽብልቅና ስላይድ በአንድ ቁልል፤ ክፍተት ሲባዛ 0.2164።